18 በመቶው የምን 18 በመቶ ነው? ስለ ቦትልኔክ ካልኩሌተር የተከፈተ ክር

ክሩን፣ ማለትም የኢንተርኔት ውይይቱን፣ የከፈተው «የሰሚት ልጅ» በሚል ስም የሚጽፍ ወጣት ነው። አዲስ ኮምፒውተር ሊገጣጥም አስቧል። እቃዎቹን ዱባይ የሚኖር አጎቱ ገዝቶ ያመጣለታል። አንዴ ከመጣ በኋላ መልሶ መቀየር የሚባል ነገር የለም። የመረጠው ራይዘን 5 7600 ፕሮሰሰርና አርቲኤክስ 4070 ግራፊክስ ካርድ ነው። ሞኒተሩ 1440ፒ ሲሆን በሰከንድ 165 ጊዜ ያድሳል። በዋናነት ሳይበርፐንክ 2077 መጫወት ይፈልጋል። ከጓደኞቹ ጋር ደግሞ ካውንተር ስትራይክ 2 አለ።

የሁለቱን እቃዎች ስም አንድ የቦትልኔክ ካልኩሌተር ላይ አስገባ። ይህ ከሁለቱ የትኛው ማነቆ እንደሚሆን በመቶኛ የሚናገር ድረ ገጽ ነው። ፕሮሰሰሩ ካርዱን 18 በመቶ አንቆ ይይዘዋል የሚል ውጤት በቀይ ወጣለት። ደነገጠ። እቃዎቹን እየቀያየረ መሞከር ጀመረ። በመጨረሻ ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲን ከአርቲኤክስ 4060 ጋር ሲያጣምር ቁጥሩ ወደ ዜሮ ተጠጋ፣ ቀለሙም አረንጓዴ ሆነ። ስለዚህ ያንን ልግዛ ወይ ብሎ ጠየቀ።

ይህ ጥያቄ በየጊዜው መልኩን እየቀየረ ይመጣል። እኔም ክሩን እስከ መጨረሻው የተከታተልኩት ለዚህ ነው። ልጁ ያደረገውን ልብ በሉ። ቁጥሩን ዜሮ ለማድረግ ካርዱን አዳከመው። ካልኩሌተሩም ጎበዝ አለው።

1ኛው መልስ የመጣው ከአንድ ደግ ሰው ነው። እንኳን ደስ አለህ ብሎ ጀመረ፣ እቃ ተመጣጥኖ መገዛት እንዳለበት መከረ፣ አረንጓዴውን ጥንድ ውሰድ ብሎ ጨረሰ። 2ኛው «አዳማ ኔት» ነበር። እሱ ጥያቄውን ሌላ ቦታ ወሰደው። ጌም የሚንቀረፈፈው በኢንተርኔት ነው፣ ፕሮሰሰር ከመቀየርህ በፊት ፒንግህን እይ፣ ራውተሩንም ወደ ክፍልህ አስጠጋው አለ። ምክሩ ለካውንተር ስትራይክ አይከፋም። ለተጠየቀው ጥያቄ ግን መልስ አይደለም።

ክሩ የሞቀው በ3ኛው መልስ ነው። «ፍሬም ቆጣሪ» የሚባለው አባል ሰላምታ እንኳ ሳያቀርብ ነው የገባው። 18 በመቶው ከምን ላይ የተሰላ 18 በመቶ ነው ብሎ ጠየቀ። በሰከንድ ከሚታዩት ምስሎች፣ ከፍሬም ብዛት ነው? ከካርዱ ጉልበት? ከገንዘቡ? ገጹ ላይ ይህን የሚያብራራ አንድም መስመር እንዳላገኘ ጻፈ። ያንኑ ጥንድ ሌሎች ሁለት ካልኩሌተሮች ላይ ሞክሮት ነበር። አንዱ 4 በመቶ አለው። ሌላው ይባስ ብሎ ደካማው ካርዱ ነው አለው። ሁለት ሚዛን አንዱን ጤፍ እንዲህ ቢመዝኑት ማንም አይገዛበትም ብሎ ተወው።

4ኛው ረጅሙ ነው። ጸሐፊው «ጋሽ ብሎን» ናቸው። ሜሪላንድ ነው የሚኖሩት፣ ኮምፒውተር በመጠገን ብዙ ዓመት ሠርተዋል። የጻፉትን በራሴ አባባል ላስቀምጠው።

አንድ ፍሬም ስክሪን ላይ እስኪደርስ ሁለት ሥራ አለ። ፕሮሰሰሩ ማን የት እንደቆመ፣ ጥይቱ ወዴት እንደሄደ አስልቶ ለካርዱ ትእዛዝ ያዘጋጃል። ካርዱ ደግሞ ያንን ይስለዋል። ካርዱ አንዱን ፍሬም ሲስል ፕሮሰሰሩ የሚቀጥለውን ያዘጋጃል። ስለዚህ ፍጥነቱን የሚወስነው የሁለቱ ድምር አይደለም። የዘገየው ነው።

ለስሌት እንዲመች ቁጥር ሰጡት። ፕሮሰሰሩ አንድ ፍሬም ለማዘጋጀት 8 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል እንበል። ለብቻው ቢሆን በሰከንድ 125 ፍሬም ያደርስ ነበር። ካርዱ 1440ፒ ላይ ለመሳል 12.5 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ያ በሰከንድ 80 ነው። ተጫዋቹ የሚያየው 80ውን ነው። አሁን ሰቲንጉን ዝቅ አድርጎ የካርዱን ሥራ ወደ 7 ሚሊሰከንድ ቢያወርደው ካርዱ ከ140 በላይ ይችላል። የሚታየው ግን 125 ነው፣ ምክንያቱም አሁን ወደ ኋላ የቀረው ፕሮሰሰሩ ነው። እቃው አልተቀየረም፣ ጌሙም ያው ነው። ማነቆው ግን ቦታ ቀየረ።

ቀጥለውም ሰቲንግ ሳይነካ እንኳ እንደሚቀየር ጻፉ። ሰው በተጨናነቀበት ገበያ ውስጥ በመኪና ሲነዳ የፕሮሰሰሩ ሥራ ከ8 ወደ 14 ሚሊሰከንድ ሊዘል ይችላል። ያን ጊዜ 71 ፍሬም ይሆናል፣ ማነቆውም ፕሮሰሰሩ ነው። ገበያውን አልፎ ባዶ መንገድ ላይ ሲወጣ ካርዱ ተራውን ይይዛል። በአንድ ምሽት ጨዋታ ይህ ስንት ጊዜ እንደሚገለባበጥ መቁጠር ያስቸግራል። ታዲያ ሁለት ስም ብቻ አይቶ አንድ ቁጥር የሚሰጥ ገጽ የትኛውን ደቂቃ ነው የለካው?

ዜሮ ስለሚባለውም አንድ ነገር አሉ። ዜሮ ቦትልኔክ የሚባል ኮምፒውተር የለም። ሁልጊዜ ከሁለቱ አንዱ ይዘገያል። ጌም ለሚጫወት ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘገየው ካርዱ ቢሆን ይሻላል። ካርዱ ሲዘገይ ፍሬሞቹ በተቀራረበ ልዩነት ነው የሚመጡት። ፕሮሰሰሩ ሲዘገይ ግን መንተባተቡ ዓይን ውስጥ ይገባል።

5ኛው ላይ የሰሚት ልጅ ተመለሰ። በጨዋነት ተከራከረ። ካልኩሌተሩ እኮ ሪዞሉሽን ይጠይቃል፣ እኔም 1440ፒ ብዬ ነው የመረጥኩት አለ። ፍትሐዊ ጥያቄ ነው። 1080ፒ ወደ 2.07 ሚሊዮን ነጥብ አለው፣ 1440ፒ ወደ 3.69 ሚሊዮን፣ 4ኬ ወደ 8.29 ሚሊዮን። የካርዱ ሥራ ከዚህ ጋር ይጨምራል። የፕሮሰሰሩ ግን ብዙም አይነካም። ስለዚህ ሪዞሉሽን መጠየቁ ምንም ካለመጠየቅ ይሻላል።

6ኛው የፍሬም ቆጣሪ መልስ ነው። ከክሩ ሁሉ እኔ የወደድኩት ይህንን ነው። ዲኤልኤስኤስ ታበራለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ልጁ አዎ አለ፣ ኳሊቲ ላይ። እንግዲያው 1440ፒ እየሳልክ አይደለም አለው። በኳሊቲ ደረጃ ካርዱ የሚስለው 1707 በ960 ነው፣ ከዚያ ወደ 1440ፒ ያሳድገዋል። ያ ወደ 1.64 ሚሊዮን ነጥብ ነው። ከ1080ፒ እንኳ ያንሳል። ካልኩሌተሩ ላይ የመረጥከውና ጌሙ ውስጥ የሚሆነው አይገናኙም። ብርሃንና ጥላን የሚያሰላውን ሬይ ትሬሲንግ ብታበራ ደግሞ እንደገና ይለወጣል። እሱ ካርዱን ብቻ ሳይሆን ፕሮሰሰሩንም ያከብደዋል። ይህን ሁሉ የትኛው ሳጥን ላይ አስገባኸው?

ጋሽ ብሎን እዚያው ስር ትንሽ እርማት ጨመሩ። ዲኤልኤስኤስ ራሱ የካርዱን ጊዜ ስለሚወስድ፣ ፍጥነቱ በቀጥታ 960ፒ ላይ እንደመጫወት አይሆንም አሉ። ፍሬም ቆጣሪ ተቀበለ። በዚህ ክር ውስጥ ሳይከራከር የተቀበለው ይህን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

7ኛው ላይ «ኮርአይፋይቭ» መጣ። ካልኩሌተሮችን መስደብ ተገቢ አይደለም አለ። እሱ 4ኛው ትውልድ ኮር አይ5 4460 ላይ አርቲኤክስ 3060 ሰክቶ ነበር። ካልኩሌተሩ ፕሮሰሰርህ አይችልም ብሎ አስጠንቅቆታል። አልሰማም። አዳዲስ ጌሞች ሁሉ ሲንተባተቡበት ከረሙ። ስለዚህ ካልኩሌተሩ ልክ ነበር።

ይህ ሰው ግማሽ እውነት ይዟል ብዬ አምናለሁ። 8ኛው መልስም ይህንኑ ነው ያለው። 4460 በ2014 የወጣ፣ አራት ኮርና አራት ትሬድ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ አራት የሥራ መስመር ብቻ ያለው ፕሮሰሰር ነው። 3060 የ2021 ካርድ ነው። የሰባት ዓመት ልዩነት ሲኖር ማንም ያስጠነቅቃል። ከሩቅ ያለ ጽንፍ ላይ ቁጥሩ ትክክለኛ አቅጣጫ ይጠቁማል። የሰሚት ልጅ ግን ጽንፍ ላይ አይደለም። ሁለቱም እቃዎቹ የ2023 ናቸው። ኮርአይፋይቭ አልተረታም። ጀማሪ ሰው ጽንፉን ከመሃሉ በምን ይለያል ብሎ መለሰ። ለዚህ ማንም ጥሩ መልስ አልሰጠውም።

ከ9ኛው ጀምሮ ነገሩ ከረረ። አንድ አዲስ አባል ታስክ ማናጀር ከፍቼ አይቻለሁ፣ ስጫወት ፕሮሰሰሬ 45 በመቶ ላይ ነው፣ ስለዚህ ማነቆ ሊሆን አይችልም ብሎ ጻፈ። 10ኛው ላይ ፍሬም ቆጣሪ ወረደበት። ካልኩሌተሩን በመቶኛ አምልኮ እየወቀስን አንተ ሌላ መቶኛ ይዘህ መጣህ አለው። ሳያውቁ ከመጻፍ ማንበብ ይሻላል የሚልም ጨመረበት። 11ኛው ላይ አዲሱ አባል ተቆጣ። ክሩን የምትመራው «ማዘርቦርድ» 12ኛው ላይ ገብታ ሁለቱንም ገሠጸች። አዲሱን አባል እዚህ ሁሉም ሰው አንድ ቀን ጀማሪ ነበር ብላ አጽናናችው፣ ፍሬም ቆጣሪን ግን ስድቡን ትተህ ምክንያቱን ጻፍ አለችው።

ጻፈም። ራይዘን 5 7600 ስድስት ኮር፣ አሥራ ሁለት ትሬድ አለው። ታስክ ማናጀር የሚያሳየው የአሥራ ሁለቱን አማካይ ነው። ጌም ብዙውን ጊዜ አንድ ዋና ትሬድ አለው። ያ ትሬድ እስከ አናቱ ቢሞላ ለብቻው ከጠቅላላው 8 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሌሎቹ ግማሽ በግማሽ እያረፉ ዋናው ታንቆ ሊሆን ይችላል። በግራፉ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጎ Change graph to ከዚያ Logical processors ቢመርጥ ትሬዶቹን ለየብቻ ያያል። ያም ቢሆን ዊንዶውስ ሥራውን ከትሬድ ትሬድ ስለሚያዘዋውር ሁልጊዜ ጥርት ብሎ አይታይም።

የሚሻለው ካርዱን ማየት ነው። የፍሬም ገደብና ፍሬሙን ከሞኒተሩ ጋር የሚያስተካክለው ቪሲንክ ይጥፋ። ካርዱ 95 በመቶና ከዚያ በላይ ላይ ከተቀመጠ ወሳኙ ካርዱ ነው። 60 ወይም 70 ላይ እየዋለለ ከሆነ አንድ ነገር እያስጠበቀው ነው፣ ብዙውን ጊዜም ፕሮሰሰሩ ነው። መሣሪያ ሳይጭኑ የሚሞከርም አለ። ሪዞሉሽኑን ዝቅ ማድረግ ነው። ፍሬሙ ከጨመረ ካርዱ ነበር የያዘው። ፍሬሙ ንቅንቅ ካላለ ፕሮሰሰሩ ነው። ፕረዘንትሞን የተባለውን የኢንቴል ነፃ መሣሪያ የሚጠቀም ደግሞ GPU Busy የሚለውን ከፍሬሙ ጠቅላላ ጊዜ ጋር ያነጻጽር። ሁለቱ ከተቀራረቡ ካርዱ ሥራ ላይ ነው። ከተራራቁ ካርዱ እየጠበቀ ነው።

አዲሱ አባል ሞክሮ ተመለሰ። ካርዱ 99 በመቶ ላይ ነበር። ማለትም ድምዳሜው ልክ ሆኖ ተገኘ፣ የደረሰበት መንገድ ግን ስህተት ነበር። ይህን ማንም አላነሳበትም፣ ደግ አደረጉ።

13ኛውና 14ኛው ስለ መብራት ነበሩ። አንዱ መብራት በሚሄድበት ሰፈር 4070 መግዛት እብደት ነው አለ። ሌላው ካርዱ 200 ዋት፣ 4060 ደግሞ 115 ዋት መሆኑን ጠቅሶ ለዩፒኤስ ልዩነት አለው አለ። ቁም ነገር አለው፣ ግን ወደ ባትሪ ዓይነትና ዋጋ ሲገቡ ማዘርቦርድ ሌላ ክር ከፈተችላቸው።

15ኛዋ «ኪዳን 3ዲ» የሥነ ሕንፃ ተማሪ ነች። እሷ ጌም አትጫወትም። ብሌንደር በሚባል የ3ዲ ፕሮግራም ላይ ሕንፃ ትስላለች፣ ሳይክልስ በሚባለው ክፍሉም የመጨረሻውን ምስል ታወጣለች። ካልኩሌተሩ ፕሮሰሰርሽ ደካማ ነው ስላላት የቆጠበችውን ወደዚያ ልታዞር ነበር። ጋሽ ብሎን አይሆንም ልጄ አሏት። ሳይክልስ ካርዱ ላይ ሲሠራ ፕሮሰሰሩ ትዕይንቱን አዘጋጅቶ ያስረክባል፣ ከዚያ ቀሪው ድካም በአብዛኛው የካርዱ ነው። በሰከንድ 60 ጊዜ ትእዛዝ የሚጠብቅ የለም። ይልቅ የካርዷ ሜሞሪ ለሥራዋ ይበቃ እንደሆነ ትመልከት። የጌም መቶኛ ለእሷ ሥራ ጭራሽ ቋንቋው አይደለም።

16ኛው ላይ ጋሽ ብሎን ወደ ሰሚት ልጅ ጥያቄ ተመለሱ። ገንዘቡን አሰሉለት። እቃዎቹ አሜሪካ ሲወጡ በነበራቸው ዋጋ 7600 በ229 ዶላር፣ 4070 በ599 ነበሩ። ድምሩ 828 ነው። አረንጓዴው ጥንድ 7800ኤክስ3ዲ 449፣ 4060 ደግሞ 299 ነበሩ። ድምሩ 748 ነው። 80 ዶላር ይተርፋል። የሚሄደው ግን ምንድን ነው? የካርዱ ማስያ ኮሮች ከ5888 ወደ 3072 ይወርዳሉ። ሜሞሪው ከ12 ጊጋባይት ወደ 8 ይወርዳል። ሳይበርፐንክ ላይ ሬይ ትሬሲንግ ሲበራ ያ 8 ጊጋባይት ሊሞላ ይችላል። ሲሞላ ደግሞ የትኛውም ፕሮሰሰር አያድነውም። ካልኩሌተሩ ይህን ጥንድ ነው ተስማሚ ያለው።

ከዚያ የራሳቸውን ዘዴ ሰጡት። የፕሮሰሰር ግምገማ ፈልግ፣ በ1080ፒ ከኃይለኛ ካርድ ጋር የተለካ፣ የምትጫወተው ጌም ያለበት። እዚያ የምታገኘው ቁጥር የፕሮሰሰሩ ጣሪያ ነው። ቀጥለህ የካርድ ግምገማ ፈልግ፣ በአንተ ሪዞሉሽንና ሰቲንግ። ያ የካርዱ ጣሪያ ነው። ከሁለቱ ያነሰው አንተ የምታገኘው ነው፣ በግምት። ለምሳሌ የፕሮሰሰሩ ጣሪያ 130፣ የካርዱ 85 ቢሆን 85 ታያለህ። ፕሮሰሰሩን ወደ 170 አሳድገህ ካርዱን ወደ 55 ብታወርድ የምታየው 55 ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ መሆናቸውን፣ እውነተኞቹን ራሱ ከግምገማዎች ማውጣት እንዳለበት ደጋግመው አሳሰቡት። አማካዩን ብቻ ሳይሆን ዝቅተኛውን 1 በመቶ፣ ማለትም በጣም የዘገዩትን ፍሬሞች ፍጥነትም እንዲያይ ነገሩት።

በ17ኛው መልስ ካውንተር ስትራይክ ተነሳ። እዚህ ላይ ክርክሩ አልተዘጋም። ይህ ጌም ለካርድ ቀላል ነው፣ ክብደቱ ፕሮሰሰሩ ላይ ነው። ኮርአይፋይቭ ስለዚህ 7800ኤክስ3ዲ ይገባዋል አለ። ፍሬም ቆጣሪ ደግሞ 7600 በአማካይ የልጁን 165 ያልፋል፣ ሞኒተሩ ከዚያ በላይ አያሳይም አለ። ኮርአይፋይቭ ጭስ ሲወረወርና ሰው ሲተራመስ አማካዩ አይደለም የሚቆጠረው ብሎ መለሰ። እውነቱን ነው። 7800ኤክስ3ዲ ኤል3 ካሽ የሚባል 96 ሜጋባይት ፈጣን የውስጥ ሜሞሪ ስላለው እንዲህ ያሉ ቅጽበቶችን የተሻለ ይይዛል። ጥያቄው ለዚያ ቅጽበት ሳይበርፐንክን መስዋዕት ማድረግ ነው። ያን ደግሞ የሚወስነው ተጫዋቹ ብቻ ነው።

18ኛው አጭር ነበር፣ ግን ብዙ ሰው ሊጠቅም ይችላል። አንድ አባል ከሱቅ የተገጣጠመ ማሽን ገዝቶ ነበር። ጌም ሲከፍት ይንተባተባል። ካልኩሌተሩ እቃህ የተመጣጠነ ነው ይለዋል። ጎኑን ሲከፍተው ራሙ ባለ 16 ጊጋባይት አንድ ዘንግ ብቻ ነው። ሁለት ባለ 8 አድርጎ ሲቀይረው ልዩነቱ ወዲያው ታየው። ጋሽ ብሎን ባዮስ በሚባለው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ ኤክስፖ ማብራትንም አስታወሱ። ካልበራ 6000 ተብሎ የተሸጠው ራም በ4800 ሊሮጥ ይችላል። ካልኩሌተሩ ይህን አልጠየቀውም።

19ኛው ላይ የሰሚት ልጅ ውሳኔውን ጻፈ። 7600ውንና 4070ውን ይዟል። ራሙን ባለ 16 ሁለት ዘንግ አድርጎታል። ካውንተር ስትራይክ ካልበቃው በኋላ ፕሮሰሰሩን ብቻ ቀይሮ ኤክስ3ዲ ለማስገባት አስቧል፣ ኤኤምዲ ፕሮሰሰሩ የሚሰካበትን የኤኤም5 ሶኬት እስከ 2027 እደግፋለሁ ማለቱንም አንብቧል። ከዚያ አጎቱ ሊገዛለት ያየውን ማዘርቦርድ ስም አስገባና በኋላ 9000 ተከታታይ ፕሮሰሰር ይቀበል እንደሆነ ጠየቀ።

20ኛው የጋሽ ብሎን ነው። ይቀበላል፣ ግን ባዮሱ መታደስ ሊኖርበት ይችላል አሉት። ፕሮሰሰር ሳይሰካ ባዮስን በፍላሽ የሚያድስ ቁልፍ ከኋላ በኩል ያለው ሰሌዳ እንዲገዛ አጎትህን አደራ በለው፣ ሳጥኑ ላይ ተጽፎ ይገኛል ብለው ጻፉ።